በብድር ማሽን ስትገዙ፦ የዕዳ ሽፋን ምጣኔውንና የመክፈያ ሰሌዳውን በወር በወር መሥራት

የቢዝነስ ፕላኑ የመጨረሻ ገጽ ላይ 1.42 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ከሥራው የሚገኘው የዓመት ገንዘብ የዓመቱን የብድር ክፍያ ሸፍኖ፣ የክፍያውን 42 በመቶ የሚያህል ይተርፋል ማለት ነው። ቁጥሩ ያምራል። የሂሳብ ስህተትም የለበትም። ያው ፕላን ሥራ ላይ ሲውል ግን ባለቤቱ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ እንኳ ከሥራው ገቢ መሸፈን ያቅተዋል።

ሁለቱ ነገሮች አይጋጩም። 1.42 የተሰላው ማሽኑ ተተክሎ፣ ሠራተኛው ለምዶት፣ ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ በሚያልቅበት ዓመት ላይ ነው። ባንኩ ግን ክፍያውን መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡን ከለቀቀበት ቀን ነው። በመሃል ያሉት ወራት የማንም አይደሉም። ብዙ ፕላን የሚወድቀው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ እኔም ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለእነዚያ ወራት ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድ። የካርቶን ሳጥን የሚሠራ ወርክሾፕ እንውሰድ። አሁን በእጅ ነው የሚቆርጠውና የሚያጣብቀው። መቁረጫና ማጣበቂያ ማሽን በብድር ሊገዛ አስቧል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው ያስቀመጥኳቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ትተካላችሁ።

መጀመሪያ፦ የማሽኑን ሙሉ ወጪ አውጡ

ፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ 1,400,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዞ በቀጥታ ወደ ብድሩ ስሌት ይገባል። ማሽኑን ማጓጓዝ አለ። መሠረት ማስያዝና መትከል አለ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ካልቻለው መስመር ማሳደግ አለ። ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የመጀመሪያ መለዋወጫ መግዛት አለ። በእኛ ምሳሌ እነዚህ ሲደመሩ 200,000 ብር ሆኑ። ስለዚህ ሙሉ ወጪው 1,600,000 ነው።

ባለቤቱ ከራሱ 400,000 ያወጣል። የቀረውን 1,200,000 ይበደራል። ያ 200,000 ቢረሳ ኖሮ የሚመጣው ከየት ነው? ከሥራ ማስኬጃው ገንዘብ ነው። ማለትም ወረቀትና ሙጫ ሊገዛበት ከነበረው። ማሽኑ ቆሞ ጥሬ ዕቃ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ፦ የመክፈያ ሰሌዳውን በወር ሥሩ

ብድሩ 1,200,000፣ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ ጊዜው 48 ወር ነው እንበል። ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው፤ በየወሩ የሚከፈለው ድምር ደግሞ እኩል ነው። ኤክሴል ላይ የወሩን ክፍያ የምታገኙት እንዲህ ነው፦

```
=PMT(0.15/12,48,-1200000)
```

33,397 ይሰጣችኋል። በዓመት 400,764 ብር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

አሁን ሰሌዳውን ዘርጉት። E2 ላይ 1200000 ጻፉ። ከዚያ በ3ኛው ረድፍ፦

```
B3: =PMT(0.15/12,48,-1200000)
C3: =E2*0.15/12
D3: =B3-C3
E3: =E2-D3
```

B ክፍያው ነው፣ C ወለዱ፣ D ከዋናው ብድር የሚቀነሰው፣ E ቀሪው ዕዳ። ይህን ረድፍ እስከ 50ኛው ረድፍ ኮፒ አድርጉት። E50 ዜሮ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። ከዚህ የተሻለ መፈተሻ የለም።

የመጀመሪያው ወር ወለድ 15,000 ነው። ከዋናው የሚቀነሰው 18,397። ቀሪው ዕዳ 1,181,603። በ2ኛው ወር ወለዱ ወደ 14,770 ይወርዳል፣ ከዋናው የሚቀነሰው ወደ 18,627 ይወጣል። ክፍያው ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ድርሻ ግን በየወሩ ይቀያየራል። በመጀመሪያው ዓመት በድምሩ ወደ 164,000 የሚጠጋ ወለድ ትከፍላላችሁ። በ4ኛው ዓመት 31,000 ገደማ ብቻ። በ48ቱ ወር የሚከፈለው ወለድ ሲደመር ወደ 403,000 ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ እንዳታልፉ። «15 በመቶው የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመነሻው ብድር ላይ?» በመነሻው ከሆነ፣ ማለትም ፍላት ከሆነ፣ ወለዱ በየዓመቱ 180,000 ነው። ዕዳው ቢቀንስም ወለዱ አይቀንስም። በ4 ዓመት 720,000 ይሆናል። የወሩ ክፍያ 40,000 ይመጣል። ሁለቱም ወረቀት ላይ «15 በመቶ» ተብለው ነው የሚጻፉት። ልዩነቱ ግን በወር 6,603 ብር ነው። አበዳሪው የራሱን የክፍያ ሰሌዳ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና 2ኛውን ወር እዩ። ወለዱ ከ1ኛው ወር ካልቀነሰ ፍላት ነው።

ሦስተኛ፦ ለዕዳ ሊውል የሚችለውን ገንዘብ አውጡ

ትርፍ እና ጥሬ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ባንኩ ዕዳውን የሚቀበለው በጥሬ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከትርፉ ተነስተን ወደ ጥሬ ገንዘቡ እንመለሳለን።

ማሽኑ በሙሉ አቅሙ በሚሠራበት ዓመት የወርክሾፑ ሽያጭ 3,600,000 ብር ነው። ጥሬ ዕቃ 2,160,000 ይወስዳል። ደመወዝ 480,000፤ የባለቤቱ ደመወዝም እዚህ ውስጥ አለ። ኪራይ፣ መብራትና ጥገና 330,000። የማሽኑ የእርጅና ተቀናሽ 200,000 ነው፤ 1,600,000 ለ8 ዓመት ሲካፈል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 164,000። እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ ከግብር በፊት 266,000 ትርፍ ይቀራል። ለግብር 60,000 ይያዝ። የተጣራው ትርፍ 206,000 ነው።

206,000ን ከ400,764 ጋር ያስተያየ ሰው ይደነግጣል። «ትርፌ ከግማሹ ብዙም አያልፍም» ይላል። ግን ሁለት ነገር መመለስ አለበት። የእርጅና ተቀናሹ 200,000 በወረቀት የተቀነሰ ነው፤ ከካዝና የወጣ ብር የለም። ስለዚህ ይመለሳል። ወለዱ 164,000 ደግሞ ራሱ የብድሩ ክፍያ አካል ነው። ከላይ ቀንሰነው እታችም 400,764 ውስጥ ከቆጠርነው ሁለት ጊዜ ከፈልነው ማለት ነው። እሱም ይመለሳል።

206,000 ሲደመር 200,000 ሲደመር 164,000፣ 570,000 ብር። ለዕዳ ሊውል የሚችለው ገንዘብ ይህ ነው።

የባለቤቱን ደመወዝ ነገር ላስምርበት። ብዙ ፕላን ላይ ባለቤቱ ደመወዝ የለውም። ሰውየው ግን ቤት አለው፣ ልጆች አሉት፣ በየወሩ ከካዝናው ያወጣል። ያ ገንዘብ ፕላኑ ላይ ካልተጻፈ ምጣኔው በሐሰት ያድጋል። ባንክ ቤት ያለው ባለሙያም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። «አንተስ በምን ትኖራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጣ ሰው አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት ቁጥሮችም አልታመኑለትም።

አራተኛ፦ አካፍሉ

የዕዳ ክፍያ ሽፋን ምጣኔ፣ ባንክ ቤት «ዲኤስሲአር» የሚሉት፣ አንድ ማካፈል ብቻ ነው። ለዕዳ የሚውለው ገንዘብ ለዓመቱ የብድር ክፍያ፣ ወለዱም ዋናውም አንድ ላይ ሆኖ፣ ይካፈላል።

```
570000 / 400764 = 1.42
```

1 ከሆነ የተገኘው ሁሉ ለባንኩ ይሄዳል፤ አንድ ብር አይተርፍም። ከ1 በታች ከሆነ ከሌላ ቦታ እያመጣችሁ ነው የምትከፍሉት። አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ከ1.20 እስከ 1.25 ማየት ይፈልጋሉ። 1.42 ይህን ያልፋል።

ሌላ ብድር ካለባችሁ የእሱም ክፍያ በአካፋዩ ላይ ይደመራል። የድሮ መኪና ብድር ይሁን፣ ሌላ፣ ለውጥ የለውም። ባንኩ የሚጠይቀው ይህ ማሽን ራሱን ይችላል ወይ ብቻ አይደለም። ድርጅቱ ያለበትን ሁሉ መክፈል ይችላል ወይ ነው።

የጊዜው ርዝመት ምጣኔውን ምን ያህል እንደሚቀይረው ለማየት 48ን ወደ 24 ቀይሩት። የወሩ ክፍያ 58,184 ይሆናል፣ ምጣኔው 0.82። ያው ማሽን፣ ያው ሽያጭ፣ ያው ወለድ። «ቶሎ ከፍዬ ልገላገል» የሚለው ሐሳብ ደግ ነው፣ ግን 8 ዓመት የሚያገለግልን ማሽን በ2 ዓመት ገቢ ለመክፈል መሞከር ነው። በተቃራኒው ጊዜው ከማሽኑ ዕድሜ መብለጥ የለበትም። ማሽኑ ተጥሎ ዕዳው ይቀራልና።

ብዙ መመሪያ እዚህ ያበቃል። ብዙ ፕላንም እንዲሁ። እኔ ግን 1.42 ላይ ቆሞ ብድር የሚፈርም ሰው ያሳስበኛል።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ወር በወር አፍርሱት

የ12 ወር ረድፍ ሥሩ። በእያንዳንዱ ወር ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ በዚህ ወር ማሽኑ የት ነው?

በእኛ ምሳሌ ባንኩ ለሻጩ ከፈለ፤ ማሽኑ የሚደርሰው በ3ኛው ወር መጨረሻ ነው። 4ኛው ወር በተከላና በሙከራ ያልቃል። በነዚህ 4 ወራት ወርክሾፑ በድሮው አሠራሩ ነው ያለው፤ በወር 18,000 ብር ያስገኛል። በ5ኛውና በ6ኛው ወር ማሽኑ ይሠራል፣ ግን በግማሽ አቅሙ። ሠራተኛው ገና ነው፣ የሚበላሸው ካርቶን ብዙ ነው። በወር 30,000 እንያዝ። ከ7ኛው ወር ጀምሮ ሙሉ አቅም ነው፣ በወር 47,500። ይህ 570,000 ለ12 ሲካፈል የሚመጣው ነው።

ደምሩት። 72,000፣ 60,000፣ 285,000፤ በጠቅላላው 417,000። ለ400,764 ሲካፈል 1.04። 1.42 የነበረው ምጣኔ ማሽኑ 4 ወር ስለዘገየና 2 ወር ስላነከሰ ብቻ እዚህ ወረደ።

ገና አላለቀም። ማሽኑ ሲገባ የወርክሾፑ የወር ሽያጭ ከ150,000 ወደ 300,000 ይወጣል። ከተጨመረው 150,000 ውስጥ ግማሹን የሚገዙት በዱቤ የሚወስዱ ደንበኞች ናቸው እንበል፤ ከ1 ወር በኋላ ይከፍላሉ። ያኔ 75,000 ብር ሁልጊዜ ደንበኛ እጅ ይኖራል። ሽያጩ መዝገብ ላይ አለ፣ ትርፉም አለ፣ ብሩ ግን የለም። አንዱ ደንበኛ ሲከፍል ሌላው ይወስዳል፤ ስለዚህ ያ 75,000 ሽያጩ በዚህ መጠን እስከቀጠለ ድረስ አይመለስም።

417,000 ሲቀነስ 75,000፣ 342,000 ይቀራል። ምጣኔው 0.85።

1.42፣ ከዚያ 1.04፣ ከዚያ 0.85። ማንም ሰው አልዋሸም። ሽያጩ አልቀነሰም፣ ዋጋ አልጨመረም። ጊዜውን ብቻ ነው ያየነው።

ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ጉድለት ብትከተሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያችኋል። ከመጀመሪያዎቹ 4 ወራት በእያንዳንዱ 15,397 ብር ይጎድላል። 4ኛው ወር ሲያልቅ ጉድለቱ 61,588 ነው። በ5ኛው ወር ማሽኑ ሲነሳ ሰው «አሁን ተነፈስኩ» ይላል፤ ግን ማሽኑ በግማሽ አቅሙ ሲጀምር የዱቤውም ግማሽ፣ 37,500 ብር፣ ስለሚታሰር ጉድለቱ ወደ 102,485 ይዘላል። ጥልቁ የሚመጣው የዱቤው ቀሪ ግማሽ በሚታሰርበት በ7ኛው ወር ነው፣ 129,279 ብር። ማሽኑ ሙሉ አቅም በገባበት፣ ወርክሾፑ ሰው በሞላበት፣ ከውጭ ሲታይ ሥራው በደራበት ወር ማለት ነው። ባለቤቱ ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። «ሥራ አለ፣ ገንዘብ የለም» ሲል ብትሰሙት በትክክል የሚገልጸው ይህን ወር ነው።

ስድስተኛ፦ ሰሌዳውን በማሽኑ ልክ ቁረጡት

ይህን ጉድጓድ የሚሞሉት ሽያጩን በማጋነን አይደለም። የክፍያ ሰሌዳውን በማስተካከል ነው። የእፎይታ ጊዜ የሚባለው ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ለወርክሾፑ 6 ወር እፎይታ እንጠይቅ። በነዚህ 6 ወራት ወለድ ብቻ ይከፈላል፣ በወር 15,000። ከ7ኛው ወር ጀምሮ 33,397 ለ48 ወር። ጠቅላላው ጊዜ 54 ወር ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 90,000 እና 200,382፣ በድምሩ 290,382 ነው። 342,000 ለዚህ ሲካፈል 1.18። 0.85 የነበረው ነው።

እፎይታው ነፃ አይደለም። 90,000 ብር ተጨማሪ ወለድ ያስከፍላል። እኔ ይህን ገንዘብ እንደ መድን አየዋለሁ፤ ክፍያ ከማቋረጥና ቅጣት ከመክፈል ይሻላል። ከሚያስፈልገው በላይ እፎይታ መጠየቅ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። 12 ወር ከማለታችሁ በፊት የወር ሰንጠረዡን እዩ፤ ቁጥሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

«እፎይታ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚባልበትም እወቁ። አንዱ ከላይ እንዳየነው ወለዱ የሚከፈልበት ነው። በሌላው ምንም አይከፈልም፣ ወለዱ ግን በዋናው ላይ እየተደመረ ይሄዳል። በሁለተኛው 6 ወር ሲያልፍ ዕዳው ወደ 1,292,860 ያድጋል፤ የወሩ ክፍያ ደግሞ 33,397 መሆኑ ቀርቶ 35,981 ገደማ ይሆናል። ውሉ ላይ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ሌላም መንገድ አለ። ብዙ ሻጭ መጀመሪያ ቀብድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ባንኩ በመጀመሪያ 30 በመቶውን፣ 360,000 ብር ብቻ ቢለቅ፣ ማሽኑ እስኪደርስ የወሩ ወለድ 15,000 መሆኑ ቀርቶ 4,500 ይሆናል። ወለድ የሚታሰበው በተለቀቀው ላይ ነውና። ሻጩ የአከፋፈል ሁኔታውን ፕሮፎርማው ላይ እንዲጽፍ አድርጉና ይዛችሁት ወደ ባንኩ ሂዱ።

ለጊዜው 6 ወር እፎይታውን ብቻ ይዘን ወሩን እንየው። ሁሉም በብር ነው።

| ወር | ከሥራ የተገኘ | በዱቤ የታሰረ | የብድር ክፍያ | እጅ ላይ የተጠራቀመ |
|---|---|---|---|---|
| 1–4 (በየወሩ) | 18,000 | 0 | 15,000 | 12,000 (በ4ኛው ወር መጨረሻ) |
| 5 | 30,000 | 37,500 | 15,000 | -10,500 |
| 6 | 30,000 | 0 | 15,000 | 4,500 |
| 7 | 47,500 | 37,500 | 33,397 | -18,897 |
| 8 | 47,500 | 0 | 33,397 | -4,794 |
| 9 | 47,500 | 0 | 33,397 | 9,309 |

1.18 ቢሆንም 3 ወራት አሁንም ከዜሮ በታች ናቸው። ጥልቁ 18,897 ብር ነው። ይህ ግን 129,279 አይደለም፤ ሊያዝ የሚችል ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ 40,000 ብር ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ማሽኑ በ1 ወር ቢዘገይ እንኳ ይተነፍሳል። ይህን 40,000 ፕላኑ ውስጥ «የክፍያ መጠባበቂያ» ብላችሁ በስሙ ጻፉት። ስም የሌለው ገንዘብ ሌላ ነገር ይገዛበታል።

ሰባተኛ፦ የት ላይ እንደሚሰበር ፈልጉ

አሁን ወደ ሙሉው ዓመት፣ ወደ 1.42 ተመለሱና ግፉት። ሽያጩ 10 በመቶ ቢወርድ ምን ይሆናል? ጥሬ ዕቃውም አብሮ ይቀንሳል፤ ኪራይና ደመወዝ ግን አይቀንሱም። ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ 60ው ጥሬ ዕቃ ስለሆነ፣ 360,000 ሽያጭ ሲጠፋ 144,000 ጥሬ ገንዘብ ይጠፋል። 426,000 ይቀራል። ምጣኔው 1.06። ግብሩም ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ለጥንቃቄ ተዉት።

ከዚህ ይልቅ የምወደው የተገላቢጦሹን ጥያቄ ነው፦ ስንት ቢወርድ ነው 1 የሚሆነው? ከ570,000 ላይ 400,764 ሲቀነስ 169,236 ይቀራል። የደህንነት ወሰናችሁ ይህ ነው። ለ0.40 ሲካፈል 423,090 ብር ሽያጭ ይመጣል፣ ከጠቅላላው 12 በመቶ ገደማ። ለጥሬ ዕቃ ዋጋም እንዲሁ አድርጉ። 169,236 ለ2,160,000 ሲካፈል 7.8 በመቶ ነው። የወረቀት ዋጋ በዚህ ያህል ጨምሮ የሳጥን ዋጋ መጨመር ካልተቻለ ከብድሩ ክፍያ በላይ የሚተርፈው ገንዘብ ሁሉ ያልቃል።

እንግዲህ የዚህ ወርክሾፕ ትልቁ አደጋ የሽያጭ መቀነስ ሳይሆን የወረቀት ዋጋ መሆኑን አወቅን። 12 በመቶ ሽያጭ የሚያጣ ከሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ትእዛዝ ሲቀንስ ያያል። 8 በመቶ የወረቀት ጭማሪ ግን በአንድ ጠዋት ይመጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ከትልልቅ ደንበኞቹ ጋር ሲዋዋል የሳጥኑ ዋጋ ከወረቀት ዋጋ ጋር እንዲያያዝ መደራደር አለበት። ይህን ድርድር ያስገኘው ምጣኔው ነው፤ 1.42ን ብቻ አይቶ ያለፈ ሰው አያገኘውም።

ምን ያህል ብትበደሩ እንደሚበቃም ከኋላ ተነስቶ ማስላት ይቻላል። ባንኩ 1.25 ከፈለገ 570,000ን ለ1.25 አካፍሉ፤ በዓመት 456,000፣ በወር 38,000 መክፈል ትችላላችሁ ማለት ነው።

```
=PV(0.15/12,48,-38000)
```

1,365,000 ገደማ ይመጣል። ጣሪያው ይህ ነው። የተጠየቀው 1,200,000 ከጣሪያው በታች ነው፣ ጥሩ ነው። ሻጩ «ትንሽ ጨምረህ ትልቁን ማሽን ውሰድ» ሲል ግን ጣሪያውን ይዛችሁ መልሱለት።

ብድሩ ከተለቀቀ በኋላ

ፕላኑ ላይ የሠራችሁት ሰሌዳ ግምት ነው። ባንኩ ገንዘቡን የለቀቀበትን ትክክለኛ ቀን ይዛችሁ እንደገና ሥሩት። ብዙ ጊዜ ፕላኑ ሲጻፍና ገንዘቡ ሲለቀቅ መሃል ወራት ያልፋሉ። እፎይታው የሚቆጠረው ውሉ ከተፈረመበት ነው ወይስ ገንዘቡ ከተለቀቀበት? ይህን ከመፈረም በፊት ጠይቁ። ገንዘቡ ከተፈረመ 2 ወር ዘግይቶ ከተለቀቀና እፎይታው ከፊርማው ከተቆጠረ 6 ወር የነበረው 4 ሆነ ማለት ነው። ከ5ኛው ወር ጀምሮ 33,397 እየተጠየቃችሁ ማሽኑ ገና በግማሽ አቅሙ ላይ ነው።

ከዚያ በየወሩ መጨረሻ ሁለት አምድ አስተያዩ፦ በፕላኑ የተጠበቀው የተጠራቀመ ገንዘብ፣ እና በእርግጥ እጅ ላይ ያለው። በአንድ ወር ቢለያይ ምክንያቱን ፈልጉ። ሁለት ወር ተከታትሎ ከፕላኑ በታች ከሆነ፣ መጠባበቂያው ሳያልቅና አንድም ክፍያ ሳይዘል ሰሌዳውን ይዛችሁ ወደ ብድር ክፍሉ ሂዱ። ክፍያ ሳያልፍበት የመጣ ተበዳሪ ጊዜ እንዲራዘምለት ሲጠይቅ፣ አዲሱን ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በዚህ ወር ይህ ያህል ይጎድለኛል፣ ከዚህ ወር በኋላ እመለሳለሁ» ማለት ይችላል። ክፍያው ካለፈበት በኋላ የመጣው ግን መጀመሪያ የሚነጋገረው ስለ ቅጣቱ ነው።